ተማሪው የት ላይ ጠፋ?

ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ኢቫሉዌሽን ይሞላል። ከላይ የመምህሩ ስም አለ። ከሥሩ «መምህሩ ስለሚያስተምረው ትምህርት በቂ ዕውቀት አለው»፣ «ሰዓት ያከብራል»፣ «በግልጽና በሚስብ መንገድ ያስተምራል» የሚሉና የመሳሰሉ ዓረፍተ ነገሮች ተደርድረዋል፤ ተማሪው ለእያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። መጨረሻ ላይ «ተጨማሪ አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የሚገኘው «ጎበዝ መምህር ነው»፣ «በርቱ» ወይም ባዶ ወረቀት ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ የተማሪ ውጤት ከመምህሩ የሥራ አፈጻጸም ምዘና 50 በመቶውን ይይዛል፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊው 35 በመቶ፣ የሥራ ባልደረቦች ደግሞ 15 በመቶ ይሞላሉ። ስለዚህ ቅጹ አንድ ሥራ ይሠራል፤ ለአስተዳደሩ ቁጥር ያወጣል። ነገር ግን በ«ግልጽና በሚስብ» 4.1 ያገኘ መምህር ሰኞ ጠዋት ክፍል ሲገባ ምን እንደሚለውጥ ቁጥሩ አይነግረውም። ግልጽ ሆኖ አልሳበም? ስቦ ግልጽ አልሆነም? ሁለት ጥያቄ በአንድ ነጥብ ስለተመለሰ መለየት አይቻልም። የእኔ ሙግት እንዲህ ነው፦ ጥሩ የግምገማ ጥያቄ ተማሪውን በመምህሩ ላይ ዳኛ አያደርገውም፤ ትምህርቱ ሲሰጥ በእሱ በራሱ ላይ የሆነውን እንዲመሰክር ያደርገዋል።

ተማሪ ዳኛ ሲሆን ምን እንደሚከተል የታወቀ ሙከራ አለ። በ1970 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ማይክል ፎክስ የተባለ ተዋናይ «ዶክተር ፎክስ» ተብሎ ለሥነ አእምሮ ሐኪሞችና መሰል ባለሙያዎች ሌክቸር ሰጠ። ርዕሱ የሂሳብ ጌም ቲዮሪ ከሐኪሞች ትምህርት ጋር ያለው ግንኙነት ነበር፤ ንግግሩ ሆን ተብሎ እርስ በርሱ በሚጣረስና ፍሬ በሌለው ነገር የተሞላ ነበር፤ አቀራረቡ ግን ሞቅ ያለና የሚያስቅ። አድማጮቹ የተማሩ ሰዎች ቢሆኑም ጥሩ ነጥብ ሰጡት። ውጤቱ በ1973 እ.ኤ.አ. ሲታተም ብዙዎች ከዚህ የተማሪ ግምገማ ዋጋ የለውም የሚል መደምደሚያ ወሰዱ። እኔ ጥፋቱን የማየው በጥያቄው ላይ ነው። «ተናጋሪው ርዕሱን አሳምሮ ያውቃል ወይ?» ተብሎ የሚጠየቅ አድማጭ መልሱን የሚያገኘው ከድምፁና ከአቋሙ ብቻ ነው፤ ሌላ ማስረጃ በእጁ የለም። «ከሰማኸው ውስጥ አንዱን ሐሳብ በሁለት መስመር አስረዳ» ቢባል ኖሮ ግን የዶክተር ፎክስ ሌክቸር ባዶነት በወረቀቱ ላይ ይወጣ ነበር። ተማሪ የመምህሩን የዕውቀት ጥልቀት መመዘን አይችልም የሚሉ መምህራን እዚህ ላይ ልክ ናቸው። እሱን ባልደረባ ይመዝን፤ ተማሪውን እሱ ብቻ የሚያውቀውን እንጠይቀው።

ይህ በከሚሴና በዙሪያዋ ላሉ ተማሪዎች የበለጠ ይሠራል። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ብዙ ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ አማርኛውን ከገበያና ከጎረቤት ጭምር ይይዘዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ካምፓስ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲም ይሁን ደብረ ብርሃን፣ ሌክቸሩ በእንግሊዝኛ ነው። ከባቲ ወይም ከሰንበቴ የመጣች ተማሪ አንድ ሌክቸር ሳይገባት ሲቀር ምክንያቱ ሐሳቡ ሊሆን ይችላል፤ ሐሳቡ የተነገረበት ቃል ብቻም ሊሆን ይችላል። የተለመደው ቅጽ ሁለቱን «በግልጽ አያስተምርም» ብሎ ይደባልቃቸዋል። በዚያ ላይ ይሉኝታ አለ። መምህርን በስሙ መንቀፍ በቤት ያልለመደ ልጅ 5 ያከብባል፤ ቅር ያለው ደግሞ 1 ያከብባል። ጥያቄው ከመምህሩ ላይ ተነስቶ ወደ ትምህርቱ አንድ ቦታ ሲዞር ግን ክብርም አይነካም፣ ቂምም መውጫ አያገኝም። «እዚህ መስመር ላይ ጠፋሁ» ማለት ማንንም መክሰስ አይደለም።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። የአንደኛ ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የሂሳብ ኮርሳቸውን የሚጀምሩት በሎጂክ ነው፤ «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» የሚለው ዓረፍተ ነገር መቼ እውነት መቼ ሐሰት እንደሆነ በአራት መስመር ሠንጠረዥ ይማራሉ። 60 ተማሪ ያለው ክፍል ነው እንበል። መምህሩ ሌክቸሩ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቁራጭ ወረቀት ያድልና አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፦ «ዛሬ መከተል ያቃታችሁ ከየትኛው መስመር ጀምሮ ነው? መስመሩን ጻፉ፤ እዚያ ስትደርሱ በአእምሯችሁ የነበረውንም ጨምሩ። ስም አትጻፉ፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በእንግሊዝኛ መመለስ ይቻላል።» ወረቀቱን የክፍሉ ተወካይ ይሰበስባል። መምህሩ ቢሮው ገብቶ ከመቁጠሩ በፊት በክምር በክምር ይለያል፤ 60 ቁራጭ ወረቀት ለመለየት ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሦስተኛውን መስመር ጽፈዋል እንበል፤ መነሻው ሐሰት ሆኖ መድረሻው እውነት ሲሆን ጠቅላላው እውነት የሚባልበትን።

እስከዚህ ያለው መልስ ችግሩ የት እንዳለ ያሳያል፤ ምን እንደሆነ የሚያሳየው የጥያቄው ሁለተኛ ክፍል ነው። ያን ክምር እንደገና ሲከፍለው ሁለት ዓይነት ወረቀት ያገኛል። አንዱ «ከሐሰት እንዴት እውነት ይወጣል?» ይላል፤ ሌላው «ሰሌዳው ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ስላላወቅሁ ጽሕፈት ብቻ ገለበጥኩ» ይላል። ለሁለተኛው መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በሚቀጥለው ሌክቸር መጀመሪያ አምስት ቃላት በሦስቱም ቋንቋ ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ። ለመጀመሪያው ምሳሌ ያስፈልጋል። «ቦርከና ከሞላ ከብቱ አይሻገርም» ያለ ሰው አለ እንበል። ወንዙ ሞልቶ ከብቱ ከተሻገረ ሰውዬው ተሳስቷል። ወንዙ ሳይሞላ ከብቱም በሌላ ምክንያት ሳይሻገር ቢውልስ? ሰውዬው የተናገረው ወንዙ ስለሚሞላበት ቀን ነው፤ ስለዚህ ቃሉ አልፈረሰም፤ ሠንጠረዡም «እውነት» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። በጨፋ ሜዳ ከብት ያገደ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሁለቱም ወገን በባለ አምስት ነጥቡ ቅጽ ላይ 3 ባከበቡ ነበር፤ መምህሩም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንኑ ትምህርት ይደግመው ነበር።

ተማሪ ገባኝ ያለው ሁሉ ገብቶታል ማለት አይደለም። ስለዚህ ከማስተካከያው በኋላ ሁለተኛ ወረቀት ይታደላል፤ በዚህኛው ላይ አዲስ ዓረፍተ ነገር ተሰጥቶ እውነት ወይስ ሐሰት እንደሆነና ለምን እንደሆነ ይጠየቃል። «አሁን ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄ በኅብረት «አዎ» ከማስባል በቀር ጥቅም የለውም። መልሱ ከተስተካከለ ለውጡ ሠርቷል፤ ካልተስተካከለ ምሳሌው ራሱ መለወጥ አለበት።

ጊዜው ራሱ የጥያቄው አካል ነው። በመጨረሻው ሳምንት የተሰበሰበ አስተያየት የሚጠቅመው ቢበዛ የሚቀጥለውን ዓመት ተማሪ ነው፤ የሞላው ልጅ ጥቅሙን ስለማያየው በጥንቃቄ ለመመለስ ምክንያት የለውም። ፒተር ኮኸን በ1980 እ.ኤ.አ. የበርካታ ጥናቶችን ውጤት አጠቃልሎ እንዳሳየው በሴሚስተሩ አጋማሽ የተማሪዎቻቸውን አስተያየት ያገኙ መምህራን መጨረሻ ላይ ካላገኙት የተሻለ ይመዘናሉ፤ ለውጡ ጎላ ብሎ የታየው ግን አስተያየቱን ከሌላ ባለሙያ ጋር ቁጭ ብለው በተነጋገሩበት ነው። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም በአፋን ኦሮሞ የተጻፈውን ወረቀት መምህሩ ማንበብ ካልቻለ የሚያነብለት ባልደረባ ያስፈልገዋልና። ባልደረባው መልሶቹን ወደ አንድ ገጽ ገልብጦ ቢሰጠው የእጅ ጽሑፍም ሆነ የቋንቋ ምርጫ ተማሪውን አያጋልጡም። በአንድ ክፍል ሦስት የአፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ብቻ ካሉ ስም አለመጻፍ ብቻውን አይሸሽጋቸውም።

ከአስተዳደር በኩል የሚነሳው ተቃውሞ ሊናቅ አይገባም፦ ለደረጃ ዕድገት ቁጥር ያስፈልጋል፤ በቁራጭ ወረቀት ክምር መምህርን ከመምህር ማወዳደር አይቻልም። እውነት ነው፤ ስለዚህም ሁለቱ መቀላቀል የለባቸውም። የአጋማሹ ወረቀት ወደ ፋይል የሚገባ ከሆነ መምህሩ የሚያስመሰግነውን ጥያቄ መርጦ ይጠይቃል፣ ተማሪውም ለመምህሩ እንጀራ እየተጨነቀ ይመልሳል። ቅጹ ከኃላፊው ጋር ይቅር፤ ወረቀቱ ከመምህሩ ጋር ይቅር። ቢሆንም ቅጹ ራሱ ሊሻሻል ይችላል። «ሰዓት ያከብራል» ከሚለው ይልቅ «በዚህ ሴሚስተር ስንት ክፍለ ጊዜ ሳይሰጥና ሳይካካስ ቀረ?» የሚለው ከተማሪው ስሜት ይልቅ ትውስታውን ይጠይቃል። «ምዘናው ፍትሐዊ ነው» ከሚለው ይልቅ «የሚድ ወረቀትህ ተመልሶ ያጣኸው ነጥብ ምክንያት ተነግሮሃል?» የሚለው አዎ ወይም አይደለም ብቻ ይፈልጋል፤ አይደለም የሚለው ከበዛ የሚስተካከለውም ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የክፍል ብዛት ነው። 200 ተማሪ በአንድ አዳራሽ ባለበት ሁሉንም ማንበብ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ከየአራቱ አንዱን ወረቀት አውጥቶ መለየት ዋና ዋናዎቹን ክምሮች ያሳያል፤ ጥቂቶች ብቻ ያነሱት ችግር ግን ሊያመልጥ ስለሚችል በየጊዜው ከሌላ ረድፍ የመጡ ወረቀቶችን መምረጥ ያሻል። የበለጠ የሚያስቸግረው መልሶች ሲጋጩ ነው። ግማሹ «ይፈጥናል»፣ ግማሹ «ይንቀረፈፋል» ሲል አማካዩ «ልክ ነው» ይሆናል፤ እንዲያ የሚሰማው ግን ምናልባት አንድም ተማሪ የለም። እዚህ ላይ ፍጥነትን ከመጠየቅ «ይህን ርዕስ ከዚህ በፊት የት ተማርከው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ የተማሩትና ያልተማሩት በአንድ ክፍል መኖራቸው ከታወቀ፣ ላልተማሩት ከሌክቸሩ በፊት ሁለት ገጽ ሃንድአውት ይሰጣል፤ ሌክቸሩ በነበረበት ፍጥነት ይቀጥላል። መምህሩም በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ምን እንዳነበበ፣ ምን እንደለወጠና ምኑን ለመለወጥ እንዳልቻለ በሁለት ደቂቃ ይነግራቸዋል፤ ቤተ ሙከራ ከሌለ እንደሌለ፣ ሞጁሉ በአገር ደረጃ የተዘጋጀ ከሆነም ያንኑ። ይህን ያልሰማ ክፍል በሚቀጥለው ጊዜ የሚታደለውን ወረቀት ባዶውን ይመልሳል።