ከአራቱ መካከል ያንቺ ሥራ የቱ ነው?

በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የተመረቀ ወጣት ሲቪ ሲያዘጋጅ «የሥራ ልምድ» የሚለው ክፍል ባዶ ይሆንበታል። ያንን ክፍተት የሚሞላለት የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቡድን ሥራ ስለሆነ፣ በአንድ ቡድን የነበሩ ተማሪዎች ሁሉ ሲቪያቸው ላይ ያንኑ መስመር ይጽፋሉ። መስመሩም ይህን ይመስላል፦

«የፋርማሲ ማኔጅመንት ሲስተም፦ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ሪአክት፣ ጃንጎና ፖስትግሬስ በመጠቀም ዘመናዊ፣ ፈጣንና ለአጠቃቀም ምቹ የሆነ ሲስተም ሠርተናል።»

ይህን የሚያነብ ቀጣሪ አመልካቹ ራሱ የሠራው የቱን እንደሆነ፣ ከተዘረዘሩት ቴክኖሎጂዎች የትኛውን በእጁ እንደነካና «ፈጣን» የተባለው ከምን ጋር ተነጻጽሮ እንደሆነ ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ወደሚቀጥለው ሲቪ ያልፋል። ፕሮጀክቱ ግን መጥፎ ላይሆን ይችላል። እንዲያውም ውስጡ ጥሩ ሥራ ያለበት፣ በአጻጻፍ ምክንያት የተቀበረ ፕሮጀክት ብዙ ነው።

የጉግል የሰው ኃይል ኃላፊ የነበሩት ላስሎ ቦክ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ቀላል ቀመር አቅርበው ነበር፤ ምን እንዳሳካህ፣ ስኬቱ በምን እንደሚለካና ምን ሠርተህ እንዳሳካኸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍ ይላል። ቀመሩን ብዙዎች ያውቁታል። ጀማሪው የሚቸገረው መሐሉ ላይ ነው፤ ደንበኛ ያልነበረው፣ ከመምህራን ፊት ቀርቦ የተዘጋ ፕሮጀክት በምን ይለካል? መልስ እንዳለው ለማሳየት የፋርማሲውን ሲስተም ከሠሩ አራት ተማሪዎች የአንዷን ሲቪ ከመነሻው እንጻፍ። ምሳሌው ለማስረጃ የተዘጋጀ ነው፤ ቴክኒካዊ ነገሩ ግን በየቀኑ የሚያጋጥም ነው።

መጀመሪያ ድርሻዋን ትለይ። ከማስታወስ ይልቅ ኮዱን መጠየቅ ይሻላል። ቡድኑ ሥራውን በጊት ይዞ ከሆነ ይህ ትእዛዝ የእሷን ኮሚቶች ብቻ ይዘረዝርላታል፦

```
git log --author="your-name" --oneline --no-merges
```

ዝርዝሩን ስታይ የረሳቻቸው ሥራዎች ይመጡላታል። የኮሚት ብዛት ግን የድርሻ መለኪያ አይደለም፤ ለሦስት ቀን ያስጨነቀ ስህተት በአንድ መስመር ሊታረም ይችላል። በተማሪ ቡድን ውስጥ ሌላም ችግር አለ፦ ኮዱ በቴሌግራም ወይም በፍላሽ ሲዘዋወር ይቆይና በመጨረሻ ከአንዱ ልጅ ላፕቶፕ ይጫናል። ያኔ ታሪኩ በሙሉ በአንድ ሰው ስም ይቀመጣል። እንዲህ ከሆነ የሚሻለው አራቱ ተገናኝተው ማን ምን እንደሠራ መስማማት ነው። ከአንድ ቡድን የወጡ ሁለት ልጆች ለአንድ መሥሪያ ቤት ማመልከታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ሁለቱም «የክፍያውን ክፍል የሠራሁት እኔ ነኝ» ብለው ከጻፉ ሁለቱም ይጠረጠራሉ።

የእኛዋ ተመራቂ ሦስት ነገሮች አገኘች እንበል፦ የመግቢያ ገጹን፣ የመድኃኒት ዝርዝር ገጹን፣ እንዲሁም የክምችትና የሽያጭ ባክኤንዱን። የመግቢያ ገጹን ትተወው። ጃንጎ ተጠቃሚን የመለየት ሥራ አብሮት የሚመጣ ፍሬምወርክ ስለሆነ፣ ያንን እንደ ትልቅ ሥራ መጻፍ ጠያቂው ፊት ያስገምታል። ሁለቱ ይበቃሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ይሉኝታ ይይዛቸዋል። አራት ሆነን የሠራነውን «ሠራሁ» ማለት የጓደኛን ድካም መውሰድ ይመስላቸዋል። መፍትሔው ቡድኑን በርእሱ መስመር ላይ በግልጽ መጥራት ነው፦ «የፋርማሲ ክምችትና ሽያጭ ሲስተም፤ አራት አባላት ያሉት ቡድን፤ የእኔ ድርሻ የክምችትና የሽያጭ ባክኤንድ»። ይህ ከተጻፈ በኋላ ከሥሩ ባሉት ነጥቦች ሁሉ «ሠራሁ» ማለት እውነት ነው፤ ማንንም አይነካም።

ቀጥሎ ቴክኖሎጂው። ስድስት ስም በሰረዝ ደርድሮ መጻፍ የትኛውንም እንደምትችል አያሳይም። ስሙ የሚገባው ሥራውን ከሠራበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ምሳሌ በደንብ እንይ። በፋርማሲው ሁለት ገንዘብ ተቀባዮች አሉ፤ የአንድ መድኃኒት የመጨረሻ ፓኬት ቀርቷል። ሁለቱም በአንድ ቅጽበት «ሽጥ» የሚለውን ይጫናሉ። ሲስተሙ ለሁለቱም «አንድ አለ» ብሎ ያነብላቸዋል፣ ሁለቱንም ሽያጭ ይቀበላል። የሌለ መድኃኒት ተሸጠ ማለት ነው። ተመራቂዋ ይህንን ያስቀረችው የሚሸጠውን መዝገብ ሽያጩ እስኪያልቅ በመቆለፍ ነው፦

```python
with transaction.atomic():
    batch = Batch.objects.select_for_update().get(pk=batch_id)
```

አንደኛው ሽያጭ መዝገቡን ሲይዘው ሁለተኛው ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ ክምችቱ ዜሮ መሆኑን ያያል፣ ይከለከላል። አሁን «ፖስትግሬስ» የሚለው ስም ትርጉም አገኘ፤ ምክንያቱም ጃንጎ ገና ሲከፈት በሚጠቀመው በኤስኪውላይት ላይ ይህ ትእዛዝ ምንም አይቆልፍም፤ ስህተትም አያሳይም። ይህንን የሚያውቅ ጠያቂ መጀመሪያ የሚጠይቃት «በየትኛው ዳታቤዝ ላይ?» ብሎ ነው። መልሱ ነጥቡ ውስጥ ካለ ወሬው ወደ ጥልቁ ይገባል። እንዴት እንደፈተነችውም ይጠይቃታል። የጃንጎ ተራው `TestCase` እያንዳንዱን ፈተና በአንድ ትራንዛክሽን ስለሚጠቀልለው ሁለት ትይዩ ሽያጮችን ለመፈተን አይሆንም፤ `TransactionTestCase` ያስፈልጋል። ይህን ሲቪው ላይ መጻፍ አያስፈልጋትም። ማወቅ ግን ይገባታል፤ በሲቪ ላይ የሠፈረ እያንዳንዱ ነጥብ ለጥያቄ የተከፈተ በር ነውና።

አሁን የሚያስቸግረው ውጤቱ ነው። ውጤት ሲባል ብዙዎች መቶኛ ብቻ ይመስላቸዋልና «ፍጥነቱን በ40 በመቶ አሻሻልኩ» ብለው ይጽፋሉ። ከስንት ወደ ስንት? በማን ኮምፒውተር? ተለክቶ ነው ወይስ በግምት? ጠያቂው ይህን ሲጠይቅ የሚንተባተብ አመልካች ሌሎቹን እውነተኛ ነጥቦቹንም አብሮ ያጣቸዋል። የመዝገብ መቆለፉ ሥራ እኮ ቁጥር አያስፈልገውም። «ቀድሞ ሁለቱም ሽያጭ ያልፍ ነበር፤ አሁን አንዱ ይከለከላል፤ ፈተናው ይኸው» ማለት ሙሉ ውጤት ነው።

ቁጥር የሚኖረው ዝርዝር ገጹ ላይ ነው። ገጹ 200 መድኃኒቶችን ከነአቅራቢዎቻቸው ያሳያል። መጀመሪያ ሲጻፍ ለዝርዝሩ አንድ ኩዌሪ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ መድኃኒት አቅራቢውን ለማምጣት ሌላ አንድ ኩዌሪ ይልክ ነበር፤ በድምሩ 201። ጀማሪዎች ሁሉ የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው፤ አሥር መድኃኒት ብቻ አስገብቶ ለሚሞክር ሰው አይታይም። ተመራቂዋ `select_related("supplier")` የሚለውን ስትጨምር ዳታቤዙ ሁለቱን ሠንጠረዦች አጣምሮ በአንድ ኩዌሪ ይመልሳል። ከ201 ወደ 1።

ይህ ቁጥር ከሰከንድ የሚሻልበት ምክንያት አለ። ሰከንድ እንደ ላፕቶፑና እንደ ኔትወርኩ ይለያያል፤ የኩዌሪው ብዛት ግን በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ያው ነው፣ ጠያቂውም ራሱ ሊቆጥረው ይችላል። «99.5 በመቶ ቀነስኩ» ከማለትም ሁለቱን ቁጥሮች እንዳሉ መጻፍ የተሻለ ነው፤ መቶኛው ፕሮጀክቱ ምን ያህል እንደነበር ይደብቃል። ሥራው ሲሠራ አልለካሁትም የሚል ሰው ተስፋ አይቁረጥ። የድሮው ኮድ ጊት ውስጥ አለ፤ ወደዚያ ኮሚት በ `git checkout` ተመልሶ፣ ያንኑ 200 መድኃኒት አስገብቶ፣ ጃንጎ ዲበግ ቱልባር የሚባለውን መሣሪያ ከፍቶ መቁጠር ይቻላል። የድሮው ኮድ ከጠፋ ግን ቁጥር አይጻፍ፤ የሠሩትን ብቻ መጻፍ ይበቃል።

ሲቪው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ አስተሳሰቡ ግን በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው። የተመራቂዋ ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦

* ሁለት ገንዘብ ተቀባዮች የመጨረሻዋን ፓኬት በአንድ ጊዜ እንዳይሸጡ በጃንጎና በፖስትግሬስ የመዝገብ መቆለፍ ሠራሁ፤ በትይዩ ሽያጭ ፈተና አረጋገጥኩ።
* የ200 መድኃኒቶች ዝርዝር ገጽ የሚልከውን ኩዌሪ የጃንጎን ሠንጠረዥ ማጣመሪያ ተጠቅሜ ከ201 ወደ 1 ቀነስኩ።
* ክምችቱን በባች ከፋፍዬ የመጠቀሚያ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ባች ቀድሞ እንዲሸጥ አደረግሁ።

ሦስተኛው ነጥብ ቁጥርም የተለየ ቴክኖሎጂም የለውም፤ ሆኖም መቆየት አለበት። ቀድሞ የሚያልፈውን ቀድሞ ማውጣት ፋርማሲዎች የሚሠሩበት ደንብ ስለሆነ፣ ልጅቱ ኮድ ከመጻፏ በፊት ሥራውን መረዳቷን ያሳያል። ቅደም ተከተሉም በዘፈቀደ አይደለም፤ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚያየው የላይኛውን ነው፣ ስለዚህ ከባዱ ሥራ ይቀድማል። ማስታወቂያው ስለ ፍጥነት አጥብቆ የሚያወራ ከሆነ ሁለተኛውን ወደ ላይ ታውጣው። እያንዳንዱ ነጥብ ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ ከበለጠ ውስጡ ሁለት ሥራ ተደባልቋል ማለት ነው። «ዘመናዊ»፣ «ምቹ»፣ «ውጤታማ» የሚሉት ቃላት የትም የሉም፤ ማንም አይፈልጋቸውም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ሊንኩ። የኮዱ ማከማቻ ለሕዝብ ክፍት መሆኑን ከራሷ አካውንት ወጥታ ትፈትሽ፤ ገብታ ካየችው ለእሷ ሁልጊዜ ይከፈትላታል። ሲስተሙን በነጻ ሰርቨር ላይ አስቀምጣው ከሆነም ትጠንቀቅ። ሄሮኩ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ነጻ አገልግሎቱን ሲያቆም የብዙ ጀማሪዎች ሊንክ ሞቷል። ሬንደር ደግሞ ለ15 ደቂቃ ጎብኚ ያጣን ነጻ ሰርቨር ያስተኛዋል፤ ቀጣሪው ሲከፍተው እስኪነቃ መጠበቅ አለበት፣ ብዙዎች ደግሞ አይጠብቁም። ስለዚህ በ `README` ፋይሉ ላይ የገጾቹን ምስል፣ ለሙከራ የሚሆን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል፣ እንዲሁም የትይዩ ሽያጩ ፈተና የትኛው ፋይል ውስጥ እንዳለ ትጻፍ።