የኤርዌይ ቢል ቁጥር፦ ጭረቷ ስትነሳ ዜሮዋም እንዳትሄድ

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ አበባ፣ ሥጋ ወይም ሌላ ዕቃ በአየር የሚልክ ነጋዴ ጭነቱን የሚከታተለው በኤርዌይ ቢሉ ቁጥር ነው። ገዢው ጭነቱ የት እንደደረሰ የሚፈልገው በዚሁ ቁጥር ሲሆን ባንክም ሰነዶችን ሲያስተያይ ይመለከተዋል። ቁጥሩ 11 አሃዝ አለው። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ቀጥሎ አንዲት አጭር ጭረት ትገባበታለች። ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ይህቺን ጭረት ለማውጣትና መልሶ ለማስገባት ሲሞከር ነው።

ለምሳሌ ያህል 071-12345675 የሚለውን ቁጥር እንውሰድ። 071 የኢትዮጵያ አየር መንገድ መለያ ነው። ቀጥለው የሚመጡት ሰባት አሃዞች የሰነዱ ተራ ቁጥር ሲሆኑ፣ የመጨረሻዋ 5 ደግሞ ማረጋገጫ ናት። ታትሞ በሚወጣው ሰነድ ላይ ይኸው ቁጥር በሁለት ዓይነት መልክ ይታያል። በግራ ራስጌ 071፣ የአዲስ አበባ ምልክት የሆነው ADD እና 12345675 በየሣጥናቸው ይቀመጣሉ፤ በቀኝ ራስጌ ግን ቁጥሩ በጭረት ተያይዞ ይጻፋል። በካርቶኑ ላይ በሚለጠፈው ባርኮድ ውስጥ ጭረት የለም። 11ዱ አሃዞች ተከታትለው ይገቡና አንድ ዜሮና የካርቶኑ ባለ አራት አሃዝ ተራ ቁጥር ይከተላሉ።

ስለዚህ የላኪው ቢሮ መዝገብ ከባርኮዱ ወይም ጭረት ከማይቀበል ፕሮግራም ጋር እንዲገጥም ጭረቷ መነሳት ይኖርባታል። ብዙዎች የሚቀናቸው በኤክሴል ዓምዱን መርጠው ጭረቱን «ፈልግና ተካ» በሚለው ትዕዛዝ በባዶ መተካት ነው። ጉዳቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጭረቷ እያለች ኤክሴል ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ይይዘው ነበር፤ ስትነሳ ግን እንደ ተራ ቁጥር ይቆጥረውና ፊት ያለችውን ዜሮ ይጥላል። የሚቀረው 7112345675፣ ማለትም 10 አሃዝ ብቻ ነው። ይህንን ከግራ ሦስት ቆጥሮ እንደገና የሚከፍል ሰው 711-2345675 የሚል ፈጽሞ ሌላ ቁጥር ያገኛል። ገዢው ይህን ይዞ ቢፈልግ ጭነቱን አያገኘውም፤ አበባው ግን አይጠብቅም።

ስህተቱ በሁሉም አየር መንገዶች ላይ ስለማይታይ ያታልላል። የኤምሬትስ መለያ 176፣ የቱርክ 235 በመሆኑ የሚወድቅ ዜሮ የላቸውም። የኢትዮጵያው 071፣ የሳዑዲው 065 እና የሉፍትሃንዛው 020 ግን ይጎዳሉ። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሾቹ 11፣ ግማሾቹ 10 አሃዝ ሆነው ከተገኙ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ጭረቷን በሰላም ማንሳት የሚቻለው በአጠገቡ ባለው ዓምድ ቀመር በመጻፍ ነው። ውጤቱ ጽሑፍ ሆኖ ስለሚቆይ ዜሮዋ አትነካም፦

```
=SUBSTITUTE(A2,"-","")
```

መልሶ ለማስገባት ደግሞ ቀጥሎ ያለው ቀመር ያገለግላል። ቦታውን የሚቆጥረው ከቀኝ በኩል ስለሆነ የወደቀችውንም ዜሮ ይመልሳታል፦

```
=TEXT(A2,"000-00000000")
```

ከሌላ ጽሑፍ ተቀድቶ የመጣ ቁጥር ረዘም ያለ ጭረት ሊኖረው ይችላል። ለዓይን ቢመሳሰልም ለኮምፒውተሩ ሌላ ምልክት ስለሆነ የመጀመሪያው ቀመር አያነሳውም። አንዳንዶች ከአራተኛው የተራ ቁጥር አሃዝ በኋላ የሚተዉት ባዶ ቦታም እንዲሁ ይቀራል። ከተነሳ በኋላ ርዝመቱ ልክ 11 መሆኑን ማየት ይህን ያጋልጣል።

ቀጥሎ የማረጋገጫዋ አሃዝ ትፈተናለች። ሰባቱ የተራ ቁጥር አሃዞች ለ7 ሲካፈሉ የሚተርፈው ከመጨረሻዋ አሃዝ ጋር እኩል መሆን አለበት። 1234567 ለ7 ሲካፈል 176366 ደርሶ 5 ይተርፋል፤ ቁጥሩም በ5 ያልቃል፤ ልክ ነው። ጸሐፊዋ 4 እና 5ን አቀያይራ 12354675 ብትጽፍ ግን የሚተርፈው 2 ስለሚሆን ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል። ቀሪው ከ6 ስለማይበልጥ በ7፣ በ8 ወይም በ9 የሚያልቅ ቁጥር ሳይሰላም ስህተት ነው።

ፈተናው ሁሉንም አይዝም። በተራ ቁጥሩ ውስጥ 7 በ0፣ 8 በ1፣ 9 በ2 ቢተካ ልዩነቱ ራሱ 7 ስለሆነ ቀሪው አይለወጥም። 12345605 ፈተናውን ያልፋል፤ የሌላ ሰው ጭነት ግን ሊሆን ይችላል። መለያው 071ም በስሌቱ ውስጥ አይገባም። ስለሆነም ላኪው ቁጥሩን ለገዢው ከመስደዱ በፊት በወረቀቱ ቀኝ ራስጌ ካለው ጋር በዓይኑ ማስተያየቱ አይቀርለትም።