ኮርስ ከቀነ ገደቡ በፊት ማቋረጥ፦ የክፍያ ተመላሽ የሚጠይቅ ደብዳቤ ምን ሊይዝ ይገባል?

በካፋ ዞን የቡና ለቀማ የሚበረታው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። ይህ ጊዜ ከትምህርት ተቋማት የመጀመሪያው ሴሚስተር ጋር ይገጣጠማል። በመሆኑም በቅዳሜና እሁድ ወይም በማታ መርሐ ግብር ከፍለው የሚማሩ የገጠርና የከተማ ነዋሪዎች አንዳንዶቹ የተመዘገቡባቸውን ኮርሶች ሁሉ መከታተል ሳይችሉ ይቀራሉ። በዚህ ጊዜ የሚነሱት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ ኮርሱን ያለ ጉዳት ማቋረጥ ይቻላል ወይ? የተከፈለውስ ገንዘብ ይመለሳል ወይ? ለሁለቱም መልሱን የሚወስነው ተማሪው ከክፍል የቀረበት ቀን ሳይሆን፣ የጽሑፍ ማመልከቻው በተቋሙ መዝገብ ቤት ገቢ የሆነበት ቀን ነው።

በመጀመሪያ፣ ኮርስ መቀነስና ኮርስ ማቋረጥ በአሠራር የተለያዩ መሆናቸውን መረዳት ይገባል። ተቋማት በሴሚስተሩ መጀመሪያ ለኮርስ መጨመርና መቀነስ አጭር ጊዜ ይሰጣሉ። በዚህ ጊዜ የተቀነሰ ኮርስ በተማሪው የውጤት መግለጫ ላይ አይታይም፤ የክፍያ ተመላሽ የማግኘት ዕድልም ሰፊ የሚሆነው ያኔ ነው። ይህ ካለፈ በኋላ ሌላ ቀነ ገደብ ይኖራል። እስከዚያ ቀን ኮርሱን ያቋረጠ ተማሪ በውጤት መግለጫው ላይ «ደብሊው» የሚል ምልክት ይመዘገብበታል። ምልክቱ በአማካይ ውጤቱ ውስጥ አይገባም፤ ገንዘቡ ግን በከፊል ብቻ ሊመለስ ወይም ጭራሹን ላይመለስ ይችላል። ያለ ማመልከቻ ዝም ብሎ የቀረ ተማሪ ደግሞ ፈተና እንዳልተቀመጠ ተቆጥሮ «ኤፍ» ሊያገኝ ይችላል። ለመምህሩ በቃል መናገር ወይም በስልክ ማሳወቅ ይህን አያስቀርም፤ የምዝገባ ለውጥ የሚፈጸመው በሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ብቻ ነውና።

ቀነ ገደቡ የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የትምህርት ካላንደሩ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፎ «ኖቬምበር 14» ቢል፣ በ2018 ዓ.ም. ይህ ቀን ኅዳር 5 እንጂ ኅዳር 14 አይደለም። ወሩን ብቻ ወደ ኅዳር ቀይሮ ቀኑን እንዳለ የወሰደ ተማሪ ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለተኛው ምክንያት የሥራ ቀን ነው። የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ወደ ተቋሙ የሚመጣው መዝገብ ቤትና ፋይናንስ ክፍል ዝግ ሊሆኑ በሚችሉበት ቀን ነው። ገደቡ ዓርብ ኅዳር 5 ከሆነ ቅዳሜ ኅዳር 6 የተያዘ ደብዳቤ እንደ ዘገየ ይቆጠራል። ስለዚህ ገደቡ ከሚያበቃበት ሳምንት በፊት በነበረው ቅዳሜ የቢሮዎቹን የሥራ ሰዓት ማጣራት፣ ካልተቻለም ደብዳቤውን በሥራ ቀን የሚያደርስ ሰው ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

የክፍያ ተመላሽን በተመለከተ ለሁሉም ተቋማት የሚሆን አንድ መጠን የለም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው በሴኔቱ የጸደቀው ደንብ ነው፤ በግል ኮሌጅ ደግሞ ተማሪው ሲመዘገብ የፈረመበት ቅጽና የተቋሙ የክፍያ መመሪያ ነው። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 በሕግ መሠረት የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል። ይህም ለሁለቱም ወገን ይሠራል፦ ቅጹ «ይመለሳል» ያለውን ኮሌጁ ሊያስቀር አይችልም፤ «አይመለስም» ያለውንም ተማሪው እንደ መብት ሊጠይቅ ይቸገራል። የመመዝገቢያ ክፍያ ከኮርስ ክፍያው ተለይቶ የሚታይና ብዙ ጊዜ የማይመለስ በመሆኑ፣ ደብዳቤው ሁለቱን ማደባለቅ የለበትም። በወጪ መጋራት የሚማሩ መደበኛ ተማሪዎች በአብዛኛው ገንዘብ አስቀድመው ስለማይከፍሉ ጥያቄያቸው የተመላሽ ሳይሆን የዕዳ ስሌት ጥያቄ ነው።

ጉዳዩን በምሳሌ እንመልከት። በጨና ወረዳ ዋጫ ከተማ የሚኖር አንድ የቅዳሜና እሁድ ተማሪ በቦንጋ በሚገኝ ተቋም አራት ኮርሶች፣ በድምሩ 13 ክሬዲት ሰዓት ተመዝግቧል እንበል። ለአንድ ክሬዲት ሰዓት 300 ብር ቢከፈል የኮርስ ክፍያው 3,900 ብር ይሆናል፤ የመመዝገቢያ 100 ብር ሲጨመር ደረሰኙ 4,000 ብር ይላል። ተማሪው ባለ 3 ክሬዲት ሰዓት የሆነውን አንድ ኮርስ ቢያቋርጥ ሊጠይቅ የሚችለው የ900 ብር ተመላሽ ነው። መመሪያው በዚያ ጊዜ ግማሹ እንደሚመለስ ከደነገገ 450 ብር ይሆናል። የደረሰኙን አራተኛ ክፍል፣ ማለትም 1,000 ብር ብሎ ቢጠይቅ ግን ስሌቱ ስሕተት ስለሆነ ፋይናንስ ክፍሉ ማመልከቻውን ለእርማት ይመልስበታል፤ በዚህ መካከል ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ይችላል።

ደብዳቤው ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ተጽፎ፣ ለትምህርት ክፍሉና ለፋይናንስ ክፍሉ ግልባጭ ይደረጋል። ኮርሱን የማቋረጡና የተመላሹ ጥያቄ በተለያየ አንቀጽ ቢሰፍሩ ይመረጣል፤ ተመላሹ ቢከለከል እንኳ የማቋረጡ ጥያቄ በራሱ እንዲጸና ነውና። ከላይ ለተጠቀሰው ተማሪ ይዘቱ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ ኮርስ ስለማቋረጥና የክፍያ ተመላሽ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሴሚስተር በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር በመታወቂያ ቁጥር … ተመዝግቤ በመማር ላይ እገኛለሁ። ከተመዘገብኩባቸው አራት ኮርሶች መካከል የኮርስ ቁጥሩ … የሆነውንና 3 ክሬዲት ሰዓት ያለውን ኮርስ በሥራ ምክንያት መከታተል ስላልቻልኩ፣ ቀነ ገደቡ ኅዳር 5 ከማለፉ በፊት ከምዝገባዬ እንዲነሣልኝ እጠይቃለሁ። የቀሩትን ሦስት ኮርሶች እቀጥላለሁ።

ለዚህ ኮርስ በደረሰኝ ቁጥር … በቀን … ከከፈልኩት ገንዘብ 900 ብር፣ ወይም በመመሪያው አንቀጽ … መሠረት የሚገባኝ መጠን፣ በስሜ በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ቁጥር … ገቢ እንዲደረግልኝ፤ ይህ ካልተቻለ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ክፍያዬ እንዲታሰብልኝ እጠይቃለሁ። ውሳኔው በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።»

«የቀሩትን ኮርሶች እቀጥላለሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሊዘለል አይገባም። እርሱ ከሌለ ማመልከቻው ከሴሚስተሩ ሙሉ በሙሉ እንደ መውጣት ሊተረጎም ይችላል፤ ይህ ደግሞ ክሊራንስ ማስፈረምንና በኋላ ዳግም ቅበላ መጠየቅን ያስከትላል። ከደብዳቤው ጋር የሚያያዘው የደረሰኙ ቅጂ ነው። ዋናው ደረሰኝ ለማመሳከር ከተጠየቀ ታይቶ ለባለቤቱ ይመለሳል እንጂ ከእጁ መውጣት የለበትም።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ በመዝገብ ቤት ሲቀር፣ ሌላው የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ተደርጎበት በአመልካቹ እጅ ይቆያል። በኋላ ክርክር ቢነሣ በጊዜ ማመልከቱን የሚያረጋግጥለት ይህ ቅጂ ነው። ደብዳቤውን ሌላ ሰው ሊያደርስ ይችላል፤ ገንዘቡን በተማሪው ስም የሚቀበል ሰው ግን በሚመለከተው የመንግሥት አካል የተረጋገጠ ውክልና ሊጠየቅ ይችላል።

አንድ ኮርስ ከማቋረጥ በፊት ለቀጣይ ኮርሶች ቅድመ ሁኔታ መሆን አለመሆኑን ከትምህርት ክፍሉ መጠየቅም ይገባል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ኮርስ ከሆነ፣ 900 ብር ለማስመለስ ሲባል ምረቃው በአንድ ዓመት ሊዘገይ ይችላልና።