ጀበናውን እንዳለ አቆየው

መርካቶ ውስጥ የሸክላ ዕቃ የምትሸጥ አንዲት ባለሱቅ በቴሌግራም ለምታስተዋውቀው ጀበና ምስል ፈለገች። ፎቶ አንሺ ብትቀጥር ክፍያው ትርፏን ይበላዋል። ስለዚህ ስልኳ ላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስል የሚሠራ መተግበሪያ ከፈተችና «ለቡና የሚሆን በጣም የሚያምር የሸክላ ጀበና» ብላ ጻፈች።

የመጣው ምስል ያምራል፤ ለሽያጭ ግን አይሆንም። ቄጠማው፣ የዕጣኑ ጭስ፣ ረከቦቱና ቡና የምታፈላው ሴት ምስሉን ሞልተውታል። ጀበናው እንደ ብረት ያብረቀርቃል፣ ጡቱም ሁለት ነው። መተግበሪያው የሠለጠነው በብዙ ምስሎችና ምስሎቹን በሚገልጹ ጽሑፎች ነው። «ቡና» ሲባል ከቡና ጋር አብሮ ያየውን ሁሉ ይደረድራል። «የሚያምር» የሚለው ቃል ደግሞ ስለ ቅርጽም ሆነ ስለ ብርሃን የሚነግረው ነገር የለም።

«ሴት አትኑርበት» ብላ ጨመረች። ሴትዮዋ ጠፋች፣ ጀበናውን የያዘው እጅ ግን ቀረ። እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎች ብዙ ጊዜ ክልከላውን ስተው የተጠራውን ነገር ይይዛሉ። የሚፈለገውን መናገር የማይፈለገውን ከመቁጠር ይሻላል።

ይህን ስታይ አካሄዷን ለወጠች። ደንበኛው የሚረከበው መደርደሪያዋ ላይ ያለውን ጀበና ነው፤ ምስሉም የእሱ መሆን አለበት። ጀበናውን ሱቋ በር ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ አስቀምጣ በስልኳ አነሳችው። ፎቶውን አስገብታ እንዲህ አዘዘች፦

«ጀበናውን በቅርጹ፣ በቀለሙና በመጠኑ እንዳለ አቆየው። ጀርባውን ብቻ ወጥ በሆነ ነጣ ያለ ክሬም ቀለም ተካው። ጀበናው ማቶት ላይ ብቻውን ይቀመጥ። ለስላሳ የመስኮት ብርሃን ከግራ ይምጣ፣ ቀለል ያለ ጥላ ወደ ቀኝ ይውደቅ። ካሜራው በጀበናው ሆድ ከፍታ ይሁን። ምስሉ ጎኖቹ እኩል የሆነ አራት ማዕዘን ሆኖ በስተቀኝ አንድ ሦስተኛው ባዶ ይቅር።»

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ፎቶ አንሺ ቢኖር የሚጠይቃትን አንድ ጥያቄ ይመልሳል፤ ብርሃኑ ከየት፣ ዓይን ከምን ከፍታ፣ ዕቃው በምን ላይ።

አዲሱን ምስል ከፎቶው ጎን አድርጋ አስተያየችው። ጡቱ አንድ ነው፣ አንገቱና እጀታውም ልክ ናቸው። ነገር ግን ሆዱ ላይ እሳት የተወው ጠቆር ያለ ምልክት ጠፍቷል፤ ሸክላውም ከልክ በላይ ለስልሷል። ሸክላ የሚያውቅ ገዢ በእጅ የተሠራ ዕቃን የሚለየው በዚህ ስለሆነ አላለፈችውም። «የሸክላው ሻካራ ገጽና ሆዱ ላይ ያለው የእሳት ምልክት በፎቶው እንዳለ ይታይ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨመረች፤ የፈለገችው ምስልም መጣላት።

ዋጋውን በምስሉ ላይ እንዲጽፍ ስትጠይቀው የአማርኛ ፊደላቱ ተዛብተው ስለወጡ፣ ባዶ በተወው ቦታ ላይ በስልኳ የፎቶ ማስተካከያ ራሷ ጽፋ ለደንበኞቿ ለቀቀችው።