ሚዛኑ የሚደፋው መቼ ነው?

በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት ዓይነት አንድ የልብስ ፋብሪካ እናስብ። ታሪኩ ለማስረዳት የተፈጠረ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ያለቀለት ልብስ የሚቀመጥበት ስቶር ሲቆጠር ከካርዱ 36 ሸሚዝ ጎደለ። ቁልፍ የሚይዙት ስቶር ኪፐሩ፣ ረዳቷና የፈረቃው ሱፐርቫይዘር ናቸው። የጥበቃ ሠራተኛው «ረዳቷ ዓርብ ማታ ትልቅ ቦርሳ ይዛ ስትወጣ አይቻለሁ» አለ። አንዲት ባልደረባዋም «ሰሞኑን ገንዘብ ቸግሮኛል ትል ነበር» አለች። አጣሪ ኮሚቴው በዚህ ተነስቶ ረዳቷ ወስዳለች ሊል ይችላል?

በወንጀል ችሎት ዐቃቤ ሕግ ጥፋቱን ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት። የሥራ ክርክር ግን የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ስለሆነ፣ መሆኑ ካለመሆኑ የበለጠ የሚያሳምን ከሆነ ይበቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2149 በወንጀል ነፃ መባል የፍትሐ ብሔሩን ዳኛ እንደማያስር የደነገገው ከዚሁ ጋር ይሄዳል። መለኪያው ዝቅ ይበል እንጂ የማስረዳት ሸክሙ የአሠሪው ነው። ሚዛኑ እኩል ከቆመ ሠራተኛዋ ታሸንፋለች።

ኮሚቴው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን መረጋገጥ እንዳለበት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ ከሚያሰናብቱ ጥፋቶች አንዱ ያደረገው፣ የማይገባ ጥቅም ለማግኘት አስቦ በአሠሪው ንብረት ወይም ገንዘብ ያለአግባብ መጠቀምን ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ለየብቻ መታየት አለባቸው፦ ሸሚዙ በእርግጥ መጥፋቱ፣ የወሰደችው እሷ መሆኗ፣ ለጥቅም አስባ መውሰዷ። በእኛ ምሳሌ የመጀመሪያው ሲፈተሽ 12 ሸሚዝ ለናሙና ወደ ጥራት ክፍል ሄዶ ካርዱ ላይ ሳይመዘገብ ቀርቶ ተገኘ። የጠፋው 24 ሆነ።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ማስረጃ በአንድ ጥያቄ ይፈተናል፦ ሰውየው ጥፋቱን ባይፈጽም ኖሮ ይህ ነገር በዚያው መጠን ይታይ ነበር? ገንዘብ መቸገርን እንውሰድ። በወር ደመወዝ የሚኖር ብዙ ሰው ይቸገራል፤ ስለዚህ ሚዛኑን የትም አያንቀሳቅሰውም። የጥበቃው ቃልም እንዲሁ ነው፤ የሥራ ልብሳቸውንና ምሳ ዕቃቸውን በቦርሳ ይዘው የሚወጡ ብዙ ናቸው። በር ላይ ቦርሳው ተፈትሾ ምንም ካልተገኘበት ደግሞ ማስረጃው ለእሷ ያደላል። ቃሉ በዚያው ምሽት የተጻፈ ነው ወይስ ወሬው ከተሰማ በኋላ የሚለውም መጠየቅ አለበት።

የቁልፍ መፈረሚያው መዝገብ ግን ክብደት አለው። ዓርብ ፈረቃው 11 ሰዓት ካበቃ በኋላ፣ 11፡20 ላይ፣ ማንም ሳያዝዛት ቁልፍ ፈርማ ወስዳለች። «ቻርጀሬን ረስቼ ነው» ትላለች፤ ይህን የሚያረጋግጥ ሰው የለም። ሚዛኑ ወደ እሷ ጥፋት ትንሽ ዘመም ይላል። ይሁን እንጂ ቆጠራውና ካርዱ ለመጨረሻ ጊዜ የተስማሙት ረቡዕ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስቱም ስቶሩን ከፍተዋል።

ኮሚቴዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ለረዳቷ ከመቶ 40፣ ለሌሎቹ ሁለቱ 30፣ 30 ጥርጣሬ ብንሰጥ ከሦስቱ ይበልጥ የምትጠረጠረው እሷ ናት። ግን ሌላ ሰው የመሆኑ ዕድል 60 ነው። ቁጥሩ ለማስረዳት ያህል ነው፤ ዳኛም ኮሚቴም በመቶኛ አይወስንም። ነጥቡ ግን ይሠራል፦ ረዳቷ የምትነጻጸረው ከእያንዳንዱ ተጠርጣሪ ጋር ሳይሆን፣ እሷ ካልወሰደችባቸው መንገዶች ሁሉ ድምር ጋር ነው።

ሚዛኑን የሚቀይረው የጊዜውን ክፍተት የሚያጠብ ማስረጃ ነው። ዓርብ 10 ሰዓት ላይ ካርቶኑ ሙሉ እንደነበር የሚያሳይ የካሜራ ምስል ቢገኝና ከዚያ በኋላ ስቶሩን የከፈተችው እሷ ብቻ መሆኗ ቢረጋገጥ፣ ያቺ የ11፡20 ፊርማ ሌላ ትርጉም ይኖራታል። ኮሚቴው ይህን መፈለግ ያለበት በጊዜ ነው፤ አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀን ካለፈ በአንቀጽ 27 የማሰናበት መብቱ ይቀራል።

ምስሉ ካልተገኘ ትክክለኛው ግኝት እንዲህ ይጻፋል፦ «24 ሸሚዝ መጥፋቱ ተረጋግጧል። ረዳቷ ያለ ትእዛዝ ቁልፍ መውሰዷ ተረጋግጧል። ሸሚዙን የወሰደችው እሷ መሆኗ ግን አልተረጋገጠም።» ለቁልፉ በውስጥ ደንቡ መሠረት ልትጠየቅ ትችላለች። በስርቆት ብትሰናበትና ብትከስ ግን፣ ፍርድ ቤቱ ስንብቱን ሕገወጥ ብሎ ወደ ሥራ እንድትመለስ ወይም ካሳ እንዲከፈላት ሊወስን ይችላል፤ በአሠሪው እጅ የሚቀረው የቁልፍ ፊርማዋና ቦርሳዋን አየሁ ያለው የጥበቃ ሠራተኛ ቃል ብቻ ነውና።