አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን በአንድ የእጅ ሰዓት

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚጓዝ ሰው ሰዓቱን ሲያስተካክል ሁለት ልዩነቶች አንድ ላይ ይገጥሙታል። አንደኛው የቦታው ነው። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ዋሽንግተንን ትቀድማለች፤ በብርዱ ወራት በ8 ሰዓት፣ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉባቸው ወራት ደግሞ በ7። ሁለተኛው የአቆጣጠሩ ነው። እኛ ቀኑን ከንጋት ስለምንጀምር ቁጥራችን ከፈረንጁ በ6 ይለያል።

ሁለቱ ሲገናኙ ስሌቱ ይቀላል። ከ8 ላይ 6 ሲነሳ 2 ይቀራል፤ ከ7 ላይ ሲነሳ ደግሞ 1። በጥር ወር ዋሽንግተን ላይ ጠዋት 9 ከሆነ፣ አዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። በሐምሌ ከሆነ 10 ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ያለ ሰው በብርዱ ወራት 2፣ በቀሪው ጊዜ 1 እየደመረ የአገር ቤቱን ሰዓት ያገኛል። ቁጥሩን ሲያገኝ ግን ቀን ይሁን ሌሊት አያውቅም። ሁለት ሰዓት የሚያሳይ የእጅ ሰዓት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

በዲጂታሉ እንጀምር፤ ዋጋው ቀላል ነው፣ ሥራውም የታመነ። ካሲዮን የመሳሰሉ የዓለም ሰዓት ያላቸው ሞዴሎች ከተሞችን በሦስት ፊደል ይጽፋሉ። በብዙዎቹ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የለችም። በምትኩ ጅዳን፣ JED የሚለውን፣ መምረጥ ነው፤ ጅዳና አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ናቸው፣ ሁለቱም ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ አይቀይሩም። ሞስኮ፣ MOW፣ ዛሬ ከእኛ ጋር እኩል ናት፤ ነገር ግን ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2014 ሰዓቷን ስለቀያየረች፣ የቆየ ሰዓት በሞስኮ ስም የተሳሳተ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ለዋሽንግተን NYC ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው። ሰዓቱ ከፋብሪካ ሲወጣ መነሻ ከተማው ብዙውን ጊዜ TYO፣ ማለትም ቶኪዮ ነው። ገዢው ከተማውን ሳይነካ ሰዓቱን ብቻ ወደ አዲስ አበባ ያስተካክላል። ፊት ለፊት የሚታየው ልክ ነው፤ ወደ ዓለም ሰዓቱ ሲገባ ግን ከተሞቹ ሁሉ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርተው ያገኛቸዋል፤ ምክንያቱም ሰዓቱ የተሰጠውን ቁጥር የቶኪዮ አድርጎ ነው የሚያሰላው። መፍትሔው ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ መነሻ ከተማውን JED ማድረግ፣ ቀጥሎ DST የሚለው ጠፍቶ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ሰዓትና ደቂቃውን መሙላት የመጨረሻው ነው። ዋሽንግተን ሲደርሱም ቁጥሩን በእጅ መለወጥ አያስፈልግም፤ መነሻ ከተማውን ወደ NYC መቀየር ብቻ ነው።

DST የሚባለው ያ የአንድ ሰዓት ግፊት ነው። በአሜሪካ በማርች ወር ሁለተኛው እሑድ ይጀምርና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ያበቃል። ርካሹ ሰዓት ይህን ቀን በራሱ አያውቅም፤ ለ NYC በእጅ ማብራትና ማጥፋት የባለቤቱ ሥራ ነው። የሚበራው ለዚያች ከተማ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። በስህተት ለ JED ከበራ የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ሰዓት ይቀድማል።

አሁን ወደ ቶኪዮ ልመለስ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ዘዴ ያለው እዚያ ነው። ቶኪዮ አዲስ አበባን በ6 ሰዓት ትቀድማለች፣ እሷም ዓመቱን ሙሉ አትቀየርም። በ12 ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ 6 መደመርና 6 መቀነስ አንድ ቁጥር ላይ ያደርሳሉ። ስለዚህ አዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን የቶኪዮው ገጽ 3:00 ይላል፤ እኛ እንደምንጠራው፣ ሳይቀነስ ሳይደመር። PM ካለ አዲስ አበባ ቀን ነው፤ AM ካለ ወይም ምልክቱ ከጠፋ ማታና ሌሊት ነው። ዋሽንግተን በጥር ምሽት 8:30 ላይ ያለ ሰው የ TYO ገጹን ሲከፍት 10:30 AM ያያል፦ አገር ቤት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው፣ እናቱን ለመቀስቀስ ገና ነው። ለዚህ ግን ሰዓቱ በ12 ሰዓት አቆጣጠር ላይ መሆን አለበት፤ በ24 ከሆነ የ3 ሰዓቱ ቦታ 15 ይላል። ቀኑንም ከዚያ ገጽ አያንብቡ፤ የቶኪዮ ቀን አዲስ አበባ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲል ይገለበጣልና።

ባለ ቆጣሪው ሰዓት ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጂኤምቲ የሚባለው ዓይነት ከተለመዱት ቆጣሪዎች በተጨማሪ በ24 ሰዓት አንዴ ብቻ የሚዞር አራተኛ ቆጣሪ አለው። እንደ ሮሌክስ ጂኤምቲ ማስተር 2 ባሉት ውድ ሰዓቶች መንገደኛው የሰዓት ቆጣሪውን ብቻ አንድ አንድ ሰዓት እያዘለለ ይወስደዋል፤ ደቂቃውም አራተኛውም ቆጣሪ አይነኩም፣ ቀኑም አብሮ ወደ ኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። እንደ ሴይኮ 5 ጂኤምቲ ባሉት፣ ብዙ ሰው አቅሙ በሚፈቅድለት፣ ሁኔታው የተገላቢጦሽ ነው። ለብቻው የሚንቀሳቀሰው አራተኛው ነው፤ የሰዓት ቆጣሪው ሲዞር ግን ሁሉም አብረው ይዞራሉ።

በዚህ በሁለተኛው ሰዓት የሚጓዝ ሰው መቼ እንደሚነካው ማወቅ አለበት። ማታ ከቦሌ ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት ዋሽንግተን ለሚደርስ መንገደኛ፣ ሲሳፈር ማስተካከል መጥፎ ጊዜ ነው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ድረስ ቀን ቀያሪው ጥርስ ሥራ ላይ ስለሆነ ማስገደዱ ሊጎዳው ይችላል። ሌሊት በአየር ላይ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ቢመልሰውም እኩለ ሌሊትን ተሻግሮ ወደ ትናንት ይገባል፤ ቀኑ ግን አብሮት ላይመለስ ይችላል። ካረፈ በኋላ ከሆነ ሁለቱም ችግር የለም። በጥር ዋሽንግተን ጠዋት 8 ሲሆን በክንዱ ላይ ያለው የአዲስ አበባ ሰዓት 16 ነው፣ ቀኑም ሌሊቱን በራሱ ተቀይሯል። መጠምዘዣውን እስከ ሁለተኛው ማቆሚያ ይስባል፣ ሰከንዱ ይቆማል፣ ሰዓቱን ወደ 8 ይመልሳል። አራተኛው ቆጣሪም አብሮ ከ16 ወደ 8 ይወርዳል። ከዚያ መጠምዘዣውን ወደ መጀመሪያው ማቆሚያ ገፍቶ አራተኛውን ብቻ ወደ 16 ይወስደዋል። በአንድ አቅጣጫ ሲያዞር ይህ ቆጣሪ ይሄዳል፣ በሌላው ቀኑ ይቀየራል፤ ስለዚህ በዝግታ ይዙር።

አራተኛው ቆጣሪ አሁን የአዲስ አበባን ሰዓት በፈረንጅ ቁጥር ያሳያል። በመስታወቱ ዙሪያ 24 ቁጥር የተጻፈበት ተሽከርካሪ ቀለበት ካለ ይህም ወደ እኛ አቆጣጠር ይመጣል። የሮሌክስ የመጀመሪያው ጂኤምቲ ማስተር በ1950ዎቹ ለፓን አም አብራሪዎች ሲሠራ ሁለተኛው ሰዓት ይነበብ የነበረው ይህንኑ ቀለበት በማዞር ነበር። ላይኛው ጫፍ ላይ ያለውን ሦስት ማዕዘን ምልክት ወደ ቀኝ ሩብ ዙር ያዙሩት፣ በተለመደው የሰዓት ገጽ 3 ቁጥር ባለበት ትይዩ ይቁም። ያኔ አዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ቆጣሪው በቀለበቱ 3 ላይ ያርፋል። ከ12 በታች ያለው ሁሉ ቀን ነው። ከ12 ካለፈ ማታና ሌሊት ነው፤ 12 ይቀንሱ፣ 14 ካለ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ 22 ካለ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው።