ሥራ ሲቀነስ ማን አስቀድሞ ይነገረው?



እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ካገደ ወዲህ በካኩማም ሆነ በሌሎች ካምፖች የኢንሴንቲቭ ሥራ ቅነሳ የብዙ ሰው ቤት አንኳኩቷል። የበጀቱን ማነስ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርም ሆነ የክሊኒክ ሱፐርቫይዘር ሊያስቀረው አይችልም። ዜናው የሚነገርበት ቅደም ተከተል ግን በእጁ ነው። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ከሥራ መቀነሴን የሰማሁት ከአለቃዬ ሳይሆን ማስታወቂያ ሰሌዳ አንብቦ ከመጣ ተማሪዬ ነበር። ሥራውን ማጣቴን ከጊዜ በኋላ ረስቼዋለሁ፤ የተነገረኝን መንገድ ግን አልረሳሁም።

ለምሳሌ 24 ስደተኛ መምህራን ካሉበት ትምህርት ቤት 9ኙ ይቀነሱ ተባለ እንበል።

የመጀመሪያው ሥራ ለማንም ከመናገር በፊት ዝርዝሩን መጨረስ ነው። የኬንያ የ2007 የቅጥር ሕግ በአንቀጽ 40 ሠራተኛ ሲቀነስ የአገልግሎት ዘመኑ፣ ሙያው፣ ችሎታውና በሥራው የሚታመን መሆኑ እንዲታይ፣ ከአንድ ወር ያላነሰ ማስጠንቀቂያም በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል። ለእያንዳንዱ ሙሉ የአገልግሎት ዓመትም ከ15 ቀን ደመወዝ ያላነሰ ካሣ ይከፈላል። ኢንሴንቲቭ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ እንደ ደመወዝተኛ ስለማይቆጠር ካሣውን ላያገኝ ይችላል፤ ስለዚህ የፈረመውን ስምምነት ማንበብ ይኖርበታል። መስፈርቱን መከተልና አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ግን ለማንኛውም አለቃ ይቻላል። ከ9ኙ 7ቱ የአንድ አገር ወይም የአንድ ብሔረሰብ ሰዎች ሆነው ከተገኙ ዝርዝሩ እንደገና ይመርመር። መስፈርቱ በወረቀት ካልተጻፈ ሕዝቡ ምክንያቱን ራሱ ይሰጠዋል።

ቀጥሎ የሚነገራቸው የሚሄዱት 9ኙ ናቸው፤ ያውም አንድ በአንድ፣ በቅርብ አለቃቸው አንደበት። ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ ቢመደብ 3 ሰዓት ይፈጃል። ርዕሰ መምህሩና ምክትሉ ቢከፋፈሉት በአንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያልቃል። ይህ የሚጠቅመው ሦስተኛው ሰው ከቢሮ ሲወጣ ወሬው ግቢውን ስለሚያዳርስ ነው። ቀኑ ዓርብ አይሁን። ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ስለሚዘጋ ሰውየው የሚጠይቀው አያገኝም። ማክሰኞ ጠዋት ይሻላል።

በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ የሚቀሩት 15ቱ በአንድነት ይሰብሰቡ። ለእነርሱ ካልተነገራቸው ሁሉም ነገ የኔ ተራ ነው እያለ ያድራል። ከሰዓት በኋላ የወላጆች ኮሚቴና የኮሚኒቲ መሪዎች ይነገራቸው። ተማሪዎች በማግሥቱ በየክፍላቸው ይስሙ። ማስታወቂያ ሰሌዳው የመጨረሻው ነው፤ የሰው ስምም አይለጠፍበት።

ንግግሩ አጭር ይሁን። «መምህር፣ የማይመች ዜና ነው የምነግርዎ። በጀቱ ስለተቀነሰ የእርስዎ የሥራ መደብ ታጥፏል። የመጨረሻው የሥራ ቀንዎ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ነው። ይህ በሥራዎ ጥፋት የመጣ አይደለም።» ከዚያ ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው። አስተርጓሚ ካስፈለገ ጎረቤት ወይም ዘመድ አይሁን፤ ሰውየው በጎረቤቱ ፊት ማዘን ያፍራል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ለማጽናናት ብለው «በጀት ከመጣ እንጠራዎታለን» ሲሉ ነው። ሰውየው ያንን ተስፋ ይዞ ሌላ ሥራ ሳይፈልግ ወራት ያሳልፋል። የመልሶ ቅጥር ዝርዝር በእርግጥ ካለ ብቻ ይነገረው። መረዳቱን ለማወቅም የመጨረሻ ቀኑን ራሱ እንዲናገር ይጠየቅ። «ታዲያ ከሚቀጥለው ወር በኋላ የየትኛውን ክፍል ላስተምር?» ካለ ገና አልገባውምና በእርጋታ ይደገምለት።

ከቢሮው ባዶ እጁን አይውጣ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ላይ የመጨረሻ ቀኑ፣ የመጨረሻው ኢንሴንቲቭ መጠንና የሚከፈልበት ቀን ይጻፍ። ከሱቅ በዱቤ የሚበላ ቤተሰብ ያንን ቀን ለባለ ሱቁ መንገር አለበት። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ደግሞ ያስተማረውን ትምህርት፣ የክፍል ደረጃና ዓመታቱን ይያዝ። ስሙ በስደተኛ መታወቂያው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ። የአንድ ፊደል ልዩነት ኋላ ሥራ ወይም የትምህርት ዕድል ሲያመለክት ያጉላላዋል። የወሰዳቸው የሥልጠና ሰርተፊኬቶች በቢሮ ፋይል ውስጥ ካሉም ይሰጡት።

የፈተና ውጤቱን ለተተኪው ለማስረከብና ተማሪዎቹን ለመሰናበት ከፈለገ ጊዜ ይሰጠው። ከሳምንት በኋላም አለቃው ወደ ብሎኩ ሄዶ ይጠይቀው። ሥራ ባይኖርም ያልተከፈለ ገንዘብ ወይም ያልደረሰ ደብዳቤ መኖሩ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።